ከአንድ ሥር የሚወጡ ቃላት

የአማርኛ ቃል ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ተነባቢዎች ናቸው። ክ፣ ፍ፣ ል የሚሉትን ብንወስድ መሠረታዊ ሐሳባቸው አንድን ነገር መለየትና ድርሻ መስጠት ነው። «ከፈለ» ሁለቱንም ይይዛል፤ ገንዘብ መስጠትም፣ መለያየትም። «ክፍል»፣ «ክፍያ» እና «ከፊል» የወጡት ከዚሁ ነው።

በፊት የሚጨመር ቅጥያ የድርጊቱን ባለቤት ይለዋውጣል። «ተከፈለ» ሲባል ክፍያው ተፈጽሟል፤ «አስከፈለ» ሲባል ግን ሌላው እንዲከፍል ተደርጓል። «ተካፈለ» ድርሻ መውሰድን፣ «አካፈለ» ድርሻ ማድረስን ያመለክታል። «ተካፋይ» ላይ «-ነት» ሲታከል «ተካፋይነት» የሚል ረቂቅ ስም ይገኛል።

ሥሩ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይታይም። «የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ» የሚለውን እንመልከት። ከ«ማከፋፈያ» መነሻውን «ማ-» እና መድረሻውን «-ያ» ብናነሣ «ከፋፈ» ይቀራል። የፍ መደገም ድርጊቱ ለብዙዎች መዳረሱን ያሳያል። ል ግን የለም፤ በ«ያ» ተውጧል፤ «መትከል» «መትከያ» እንደሚሆነው ማለት ነው። «ማከፋፈል» ሲባል ተመልሶ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አስከፋይ» የሚያስከፍል ሰው ነው፤ «አስከፊ» ግን ከ«ከፋ» የመጣ የሌላ ቤተሰብ ቃል ነው። የተጠራጠረ ሰው ቃሉን ወደ አርእስቱ ይመልሰው፤ አንዱ «ማስከፈል» ሌላው «ማስከፋት» ይላል፣ ልዩነቱም ወዲያው ይታያል።