ሽንት ሲያጥር፤ ስለ ኩላሊት ድንገተኛ ጉዳት ለሕክምና ተማሪዎች የቀረበ ዳሰሳ

ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና ማኅበር በ2013 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ታላቅ ተስፋ አሰምቶ ነበር፤ ይኸውም እስከ 2025 ድረስ በድኻ አገር የሚኖር ማንኛውም ሰው መዳን በሚችል የኩላሊት ድንገተኛ ጉዳት ምክንያት እንዳይሞት የሚል ነው። የቀጠሮው ዘመን መጥቶ አለፈ፤ ሞቱ ግን አልቀረም። ምክንያቱ ሲነገር አስቀድሞ የሚነሣው የዳያሊሲስ መኪና ማነስ ነው፤ ነገሩም እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን ይህ ሕማም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተቅማጥ፣ ከወባ፣ ከወሊድ ደም መፍሰስና ከደም መመረዝ በኋላ በመሆኑ፣ መኪናው ከሚያስፈልግበት ሰዓት በፊት ያሉት ሁለትና ሦስት ቀናት በሕሙሙ አልጋ አጠገብ እንዴት እንደ ዋሉ መመርመር ይገባል።

ከ2012 ጀምሮ ሊቃውንቱ በተስማሙበት ደንብ መሠረት፣ ክሪያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከጨመረ፣ ወይም በ7 ቀን ውስጥ ከቀድሞው መጠን አንድ ጊዜ ተኩል ከደረሰ፣ ወይም ሽንት ለ6 ሰዓት ያህል በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.5 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ኩላሊቱ ተጎድቷል ይባላል። ከእነዚህ ምስክሮች ክሪያቲኒን ዘግይቶ የሚደርስ ነው፤ ኩላሊት ዛሬ ጧት ፈጽሞ ሥራውን ቢያቆም እንኳ ክሪያቲኒኑ በደም ውስጥ እስኪጠራቀም ድረስ የማታው የላቦራቶሪ ወረቀት ቀላል ጉዳት የደረሰ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ የሽንቱን ከረጢት በየሰዓቱ ማንበብ ለነርሷ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም።

መጻሕፍት ምክንያቶቹን ቅድመ ኩላሊት፣ ውስጠ ኩላሊትና ድኅረ ኩላሊት ብለው በቅደም ተከተል ይከፍሏቸዋል፤ በአልጋው አጠገብ ግን እኔ ከመጨረሻው እንዲጀመር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የድኅረ ኩላሊቱ መዘጋት በእጅ ሊዳሰስ፣ በጥቂት ደቂቃም ሊፈታ የሚችል ነውና። ከእምብርት በታች ሆዱን መትቶ ድፍን ድምፅ የሰማ ተማሪ፣ ካቴተር ሲያስገባ ከአንድ ሊትር የበለጠ ሽንት ቢወርድለት፣ ምርመራውንም ሕክምናውንም በአንድ ጊዜ ፈጸመ። ሕሙሙ «እሸናለሁ» ማለቱ አያታልል፤ ፕሮስቴቱ ያበጠ ሽማግሌ ፊኛው ሞልቶ የሚፈሰውን ጥቂት በጥቂት ሊሸና ይችላል። የማኅፀን በር ካንሰር ሁለቱን የሽንት ቧንቧዎች ከላይ ሲያፍናቸው ደግሞ ፊኛው ባዶ ስለሚሆን አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

ውስጠ ኩላሊት ከተባለው ክፍል የግሎሜሩለስ ብግነትና የመድኃኒት ቁጣ የየራሳቸው ሰፊ መጽሐፍ ስላላቸው እዚህ አልዘገይባቸውም፤ ተማሪው በሽንቱ ውስጥ ብዙ ፕሮቲንና ደም ባየ ጊዜ፣ ወይም አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሽፍታና ትኩሳት በተነሣ ጊዜ ቢያስባቸው ይበቃል። ከሁሉ የሚበዛው የቱቡሎቹ ሴሎች መሞት ነው፤ ስለዚህም ሲነገር ኤሪክ ባይዎተርስን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ለንደን በቦምብ በምትደበደብበት ወራት በሐመርስሚዝ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ይህ ሐኪም፣ ዴስመንድ ቢል ከተባለ ባልደረባው ጋር በ1941 ያሳተመው ጽሑፍ የአራት ሰዎችን ነገር ይተርካል። ፍርስራሽ እግራቸውን ተጭኗቸው ለሰዓታት የቆዩ ሰዎች ሲወጡ ደኅና ይመስላሉ፤ ከዚያ እግራቸው ያብጣል፣ የደም ግፊታቸው ይወርዳል፣ ሽንታቸውም ይጠቁርና ያንሳል። ኩላሊታቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቱቡሎቹ በቡናማ ቀለም ተደፍነው ነበር፤ ቀለሙም ከተደቆሰው ጡንቻ የወጣ ሚዮግሎቢን መሆኑ ታወቀ። ዛሬም በሽንት መመርመሪያው ወረቀት ላይ ደም እየታየ በማይክሮስኮፕ ግን ቀይ የደም ሴል ሲታጣ፣ ወይ ይህ ሚዮግሎቢን ነው፣ ወይም በብርቱ ወባ እንደሚሆነው ከፈረሰ ደም የወጣ ሄሞግሎቢን ነው።

ቅድመ ኩላሊት የሚባለው ደግሞ ኩላሊቱ ጤነኛ ሆኖ ደም ያነሰው ጊዜ ነው፤ ይህንንም ከሞተ ቱቡል ለመለየት ኤስፒኔል የተባለ ሐኪም በ1976 ሽንታቸው ያጠረ 17 ሰዎችን መርምሮ አንድ ስሌት አቀረበ። ከተጣራው ሶዲየም በሽንት የወጣው ከመቶ ከ1 በታች ከሆነ ኩላሊቱ ውኃ እየቆጠበ ነው፣ ከ2 በላይ ከሆነ ቱቡሉ ተጎድቷል ይላል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ከ17 ሰዎች የተገኘ ቍጥር ለሰው ሁሉ ሕግ ሆኖ መሰበኩን አልወደውም። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የወሰደ ሰው ኩላሊቱ ውኃ ቢጠማውም ሶዲየም ያፈስሳል፤ በሚዮግሎቢን የተጎዳውም ቱቡሉ እየሞተ ከ1 በታች ሊያሳይ ይችላል። ሽንቱን በሴንትሪፉጅ አሽከርክሮ በማይክሮስኮፕ ያየ፣ ጭቃ የመሰሉ ቡናማ ካስቶችንም ያገኘ ተማሪ ከስሌቱ ይልቅ የሚታመን ምስክር ይዟል።

ይህን በምሳሌ እንመልከተው። ክብደታቸው 60 ኪሎ የሆነ የ65 ዓመት አዛውንት ሦስት ቀን በተቅማጥና በትውከት ደክመው መጡ እንበል። ተማሪው «አባባ፣ ምን መድኃኒት ወስደዋል?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «የግፊቱን አላቋረጥኩም ልጄ፤ ለጉልበቴ ደግሞ ከፋርማሲ እንክብል ገዝቼ ውጫለሁ» ይላሉ። ከፌስታላቸው ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ዲክሎፌናክ ይወጣሉ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ፌስታል ውስጥ አለ፤ ደም ሲያንስ ኩላሊት ወደ ማጣሪያው የሚገባውን ቧንቧ በፕሮስታግላንዲን ያሰፋል፣ የሚወጣበትን በአንጂዮቴንሲን ያጠባል፣ በዚህም የማጣራቱን ግፊት ይጠብቃል፤ ዲክሎፌናክ የመግቢያውን መስፋት፣ ኢናላፕሪል የመውጫውን መጥበብ ከለከሉ፤ ሦስተኛው መድኃኒት ደግሞ የቀረውን ውኃ አስወጣ።

የደም ግፊታቸው 90 በ60፣ የልብ ምታቸው 112፣ የአንገታቸው ደም ሥር የማይታይ ነው። ክሪያቲኒናቸው ከሁለት ወር በፊት 1.0 ነበር፤ ዛሬ 3.2 ሆኗል። ፖታሲየማቸው 5.6 ቢሆንም ኢሲጂው አልተለወጠም። ካቴተር ሲገባ የወረደው 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ ፊኛው አልተዘጋም፤ በማይክሮስኮፕም ካስት አልታየም። የሶዲየሙን ስሌት ማዘዝ ግን በሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ምክንያት ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ሦስቱም መድኃኒቶች ቆመው 500 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት በ30 ደቂቃ ይሰጣል፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም በሊትር 4 ሚሊ ሞል ብቻ፣ ከሕሙሙ ደም ያነሰ በመሆኑ አያስፈራም። ከእያንዳንዱ ከረጢት በኋላ ምቱ ይቈጠራል፣ የአንገቱ ደም ሥር ይታያል፣ የሳንባው ታችኛ ክፍል ይደመጣል። አራተኛው ከረጢት ሲያልቅ ግፊታቸው 110 በ70 ሆኖ፣ ሽንታቸው በሰዓት ከሚያስፈልገው 30 ሚሊ ሊትር አልፎ 45 ደረሰ።

በዚያው ሰዓት ግፊቱ ተመልሶ ሽንቱ ባይመለስ፣ ቡናማ ካስትም ብቅ ቢል፣ ቅድመ ኩላሊት የነበረው ወደ ውስጠ ኩላሊት ተሻግሯል ማለት ነው፤ አምስተኛና ስድስተኛ ከረጢት መጨመርም ኩላሊቱን አያስነሣም፣ ሳንባን ያጥለቀልቃል እንጂ። ከዚያ ወዲያ የሚሰጠው ፈሳሽ በወጣው ልክ ይሰፈራል፤ ፖታሲየሙና የአተነፋፈሱ ነገርም ዳያሊሲስ ወዳለበት ሆስፒታል የሚላክበትን ሰዓት ይወስናሉ።

አዛውንቱ ግን በማግስቱ ክሪያቲኒናቸው 2.4፣ በሦስተኛው ቀን 1.3 ሆኖ ወጡ። ኢናላፕሪሉ ክሪያቲኒናቸውና ግፊታቸው በቀጠሮ ከታየ በኋላ እንዲመለስ፣ ዲክሎፌናኩ እንዲቀር፣ ተቅማጥ በያዛቸው ጊዜም የግፊቱን መድኃኒት አቁመው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲመጡ በካርዳቸው ላይ ተጻፈ፤ ኩላሊታቸውም በሦስተኛው ወር ዳግመኛ እንዲመረመር ቀጠሮ ተሰጣቸው።