ቀላል ሰው ቢወጣም የሚንሸራተት መሰላል

ቴፒ ላይ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው እግር መሬት ረግጦ ነው፤ ከፍ ያለው ቅርንጫፍ ጎንበስ ይደረጋል። ቁንዶ በርበሬ ግን ሐረግ ነው። የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት የሠራበት ይህ ቅመም ድጋፍ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ሽቅብ ስለሚወጣ የላይኛው ዘለላ ያለ መሰላል አይደረስበትም። ቆርቆሮ ለመጠገንም፣ ግድግዳ ለመመረግም መሰላል ይቆማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ያራሰው መሬት ላይ። ታዲያ መሬቱ ሲያጠራጥር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ልጁ ይውጣ፣ እሱ ቀላል ነው»። ስሌቱ ግን በዚህ አይስማማም።

ግድግዳ የተደገፈ መሰላል ላይ የሚሠሩትን ኃይሎች እንቁጠር። የመሰላሉና የሰውየው ክብደት ወደ ታች ይጎትታል፤ ወለሉ ያንኑ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ግድግዳው ደግሞ የመሰላሉን ጫፍ ወደ ውጭ ይገፋል፤ እግሩ እንዳይሸሽ የሚይዘው የወለሉ ሰበቃ ብቻ ነው። ግድግዳው ለስላሳ ነው ብለን እንነሣ። መሰላሉ ጸንቶ የሚቆመው ሰበቃው ከግድግዳው ግፊት ጋር እኩል መሆን እስከቻለ ድረስ ነው።

የግድግዳውን ግፊት የሚነግረን ቶርክ፣ ማለትም የማዞር አቅም ነው፤ ኃይሉ ከመዞሪያው ነጥብ ባለው ርቀት ተባዝቶ ይገኛል። መዞሪያውን የመሰላሉ እግር ላይ ካደረግነው የወለሉ ሁለት ኃይሎች ርቀታቸው ዜሮ ስለሆነ ከስሌቱ ይወጣሉ። የሚቀረው አንድ ሚዛን ነው፦ ክብደቶቹ መሰላሉን ወደ ግድግዳው ለመጣል፣ ግድግዳው ደግሞ ለመመለስ ይታገላሉ። ሰውየው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የክብደቱ ርቀት ይጨምራል፣ የግድግዳው ግፊትም አብሮ ያድጋል። የወለሉ ሰበቃ ጣሪያ ግን አያድግም፤ ክብደቱ ያው ነውና።

አሁን ቁጥር እናስገባ። 12 ኪሎ የሚመዝን የ4 ሜትር መሰላል፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 2 ሜትር ርቆ። ለእርጥብ መሬት የሰበቃ ቁጥሩን 0.3 እንውሰድ። ጠቅላላ ክብደቱ 720 ኒውተን ገደማ ነው፤ ሰበቃው ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 216 ኒውተን ነው። ሰውየው ጫፍ ቢደርስ ግድግዳው 381 ኒውተን ይገፋል። ስለዚህ ጫፍ ሳይደርስ፣ በመሰላሉ ላይ 2.09 ሜትር ሲወጣ እግሩ ይሸሻል።

እሱን አውርደን 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እናውጣ። ግድግዳው የሚገፋው ያንሳል፤ ሰበቃው የሚይዘውም አብሮ ያንሳል። ልጁ የሚንሸራተተው 2.11 ሜትር ላይ ነው። ክብደቱ በግማሽ ቀንሶ የተገኘው ትርፍ 2 ሳንቲሜትር ብቻ ነው! የመሰላሉ ክብደት ከሰውየው ጋር ሲተያይ ትንሽ እስከሆነ ድረስ የወጪው ክብደት ከስሌቱ ተጣፍቶ ይወጣል፤ የሚቀሩት የመሬቱ ሰበቃና የመሰላሉ አቋቋም ናቸው።

ሌላው አታላይ ነገር የመጀመሪያው እርከን ነው። ብዙ ሰው አንዴ ረገጥ አድርጎ «ይዟል» ይላል። እግሩ አጠገብ የቆመ ሰው ግን ወለሉን ይጫናል እንጂ ግድግዳውን ብዙም አይገፋም፤ መሰላሉ ከባዶነቱም ይልቅ የሚጸናው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ታች የተደረገ ፍተሻ ስለ ላይኛው ምንም አይናገርም። በዚሁ ምክንያት ግን ታችኛውን እርከን ረግጦ የሚቆም ረዳት በእርግጥ ይጠቅማል። 60 ኪሎ የሚመዝን ረዳት ከ30 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ቢቆም ወጪው ከ2.09 ይልቅ እስከ 3.8 ሜትር ገደማ መድረስ ይችላል።

ይህ ሁሉ የቆመው ሰበቃ ከተጫነው ክብደት ጋር ይመጣጠናል በሚለው ሕግ ላይ ነው። ሕጉን ፈረንሳዊው አሞንቶን በ1699 አስታወቀ፤ ኩሎም በ1780ዎቹ በሙከራ አጠናከረው። ጭቃ ግን ሕጉን ሁልጊዜ አያከብርም፤ እግሩ ሲሰምጥ ይይዛል፣ የላይኛው ንብርብር ሲላጥ ደግሞ አብሮ ይሄዳል። ግድግዳው ሻካራ ከሆነም ሌላ ችግር አለ። አራት የማይታወቁ ኃይሎች፣ ሦስት እኩልታዎች ይሆናሉና የትኛው ምን ያህል እንደያዘ በሚዛን ብቻ አይታወቅም። ድጋፍ ዛፍ ደግሞ ክብ ነው፤ ጫፉ ወደ ጎን ስለሚዞር መታሰር አለበት።

የመሬቱን ሰበቃ ለመገመት ባዶውን መሰላል ለስላሳ ግድግዳ ላይ አስደግፉና እግሩን ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ጎትቱት። በራሱ የሚንሸራተትበትን ርቀት ያዙ፤ በምሳሌያችን መሬት ላይ 2.06 ሜትር ነው። ጫፍ ድረስ ለመውጣት ከዚያ ግማሽ በታች ማድረግ ይበቃል። በብዙ አገር የተለመደው መመሪያ፣ የመሰላሉን ርዝመት ሩብ፣ እዚህ 1 ሜትር፣ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ልጁን ተዉትና የመሰላሉን እግር ወደ ግድግዳው አስጠጉት።