የወላጆችና የታዳጊዎች የስልክ ጭቅጭቅ፡ ከመንጠቅ ወደ መቀራረብ

በከተማ በሚኖሩ በርካታ ቤተሰቦች ዘንድ ከእራት በኋላ የሚሰማው ጭቅጭቅ ይዘቱ ተመሳሳይ ነው። ወላጅ «ስልኩን አስቀምጥ» ይላል፤ ታዳጊው «እሺ፣ ጨረስኩ» ይላል፤ ግን አይጨርስም። ጥቂት ቆይቶ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ስልኩ ይነጠቃል፣ በማግሥቱ ይመለሳል፤ ማታም ነገሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጉዳዩን ለመረዳት ስልኩ በልጆች እጅ እንዴት እንደገባ ማስታወስ ይጠቅማል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራና ማስታወሻ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። በወቅቱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ የእናቱን ስልክ የያዘው በወላጆቹ ትዕዛዝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን ቴሌግራሙ አልተዘጋም። የክፍል ጓደኞች፣ የሰፈር ልጆችና የኳስ ቡድን የሚገናኙበት ሥፍራ ሆኖ ቀጠለ። በመሆኑም «ስልኩን ተው» የሚለው የወላጅ ቃል በታዳጊው ጆሮ «ከጓደኞችህ ተለይ» የሚል ሆኖ ይሰማል። ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት በአንድ ዕቃ ላይ ይምሰል እንጂ ስለ ተለያየ ነገር ነው።

ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «በቀን ስንት ሰዓት ይፈቀድ?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ ቁጥር የሰጠ የሕክምና ተቋም ማግኘት ያስቸግራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቀደም ሲል ለመዝናኛ የሚውል የስክሪን ጊዜ ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ግን ለትምህርት ዕድሜ ልጆች ይህን ቁጥር ትቶ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሰዓት የተወሰነ ገደብ ያስቀመጠው ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉትን በተመለከተ በቀጣዩ ዓመት ያወጣው መመሪያ ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ እንዲቀንስ ያሳስባል እንጂ ቁጥር አይጠቅስም። ምክንያቱም አንድ ሰዓት ሒሳብ ሲማሩበትና አንድ ሰዓት ተኝተው ቪዲዮ ሲያንሸራትቱበት እኩል አይደለም።

ቁጥር ያለው እንቅልፍ ላይ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ታዳጊ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። በዚህ ዕድሜ የሰውነት የእንቅልፍ ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ስለሚዘገይ ታዳጊው አምሽቶ መቆየቱ ስንፍና ወይም እልኸኝነት ብቻ አይደለም። ስልኩ የሚያደርገው ይህንኑ መዘግየት ማባባስ ነው። በቅናሽ የሚሸጡ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅሎችም ገንዘብ የሌለውን ተማሪ ወደ ሌሊቱ ይስባሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ተኝቶ ለትምህርት ከንጋቱ 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ የሚያገኘው አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። የቀን ሰዓቱ ሊያደራድር ይችላል፤ የሌሊቱ ግን ድርድር የማያስፈልገው መሆኑን ወላጅ በግልጽ ቢናገር ያስኬዳል።

ወላጅ ልጁ በስልኩ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው እንዴት ነው? ብዙዎች መልሱ ቁጥጥር ይመስላቸዋል። ሐካን ስታቲንና ማርጋሬት ኬር የተባሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 14 ዓመት በሆነ የስዊድን ታዳጊዎችና በወላጆቻቸው ላይ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙትን ጥናት እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ጥናቱ እንዳመለከተው ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውሎ ከሚያውቁት አብዛኛው የተገኘው በመከታተልና በመጠየቅ ሳይሆን ልጆቹ በራሳቸው ፈቃድ ከነገሯቸው ነው። ጥናቱ የተደረገው ዘመናዊ ስልክ ከመስፋፋቱ በፊት ቢሆንም ለዛሬውም የሚነግረን ነገር አለ። ሚስጥር ቁልፉን ተሰርቆ የሚከፈት ስልክ የአንድ ቀን መረጃ ሊሰጥ ይችላል፤ ልጁ መናገር ካቆመ ግን የሚዘጋው ምንጭ ከዚያ ይበልጣል። ልጅ የሚናገረው ደግሞ በምርመራ ላይ ሳይሆን አብሮ በሚሠራ ነገር መካከል ነው። የጋራ ፍላጎት መፈለግ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ምሳሌ የሚሆን አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አባትና እናት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ የሚኖሩት በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። ልጃቸው 16 ዓመቱ ሲሆን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ስልኩ ሦስት ጊዜ ተነጥቋል፤ በሦስተኛው ጊዜ ልጁ ከጓደኛው አሮጌ ስልክ ተውሶ በብርድ ልብስ ሥር ሲጠቀም ተገኝቷል። ሰዎች የተከለከሉትን ነገር አብልጠው እንደሚሹ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከተናገሩ ቆይተዋል፤ አባትየው ግን ይህን ያየው በልጁ ብርድ ልብስ ሥር ነው።

ከዚህ በኋላ የተሞከረው መንገድ የተጀመረው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች «Settings» ውስጥ «Digital Wellbeing & parental controls» የሚል ክፍል ይገኛል። በየመተግበሪያው የዋለውን ሰዓትና ስልኩ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያሳያል። አባት መጀመሪያ የከፈተው የራሱን ስልክ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድኖችና ዜናዎች ተደምረው በቀን ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። እናት ሳቀች፤ ልጁም ስልኩን ለማሳየት የተስማማው ይህን ካየ በኋላ ነው። የእርሱ አማካይ አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር፦ ቲክቶክ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ ቴሌግራም አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ዩቲዩብ አንድ ሰዓት፣ ጨዋታ አርባ ደቂቃ፣ የቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ልዩ ልዩ።

ወላጆቹ በድምሩ ላይ ከመቆም ይልቅ ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የዋለው ጊዜ ነው። በዚህ ላይ የተወሰነው አጭር ነው፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የሦስቱም ስልኮች ሳሎን ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ይደረጋሉ። ልጁ «ለመቀስቀሻ ያስፈልገኛል» ሲል የጠረጴዛ ሰዓት ተገዛለት። አባት ደግሞ «ከመሥሪያ ቤት ሊደወልልኝ ይችላል» ሲል፣ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ሳሎን እንዲቀመጥ ተስማሙ። የወላጅ ስልክ መኝታ ቤት እየገባ የልጅ ስልክ ሳሎን ቢቀር ደንቡ አንድ ሳምንት እንኳ አይቆይም።

ሁለተኛው ልጁ በዩቲዩብና በቲክቶክ ምን እንደሚያደርግ ነው። አባትየው «ለምን?» ብሎ ሳይሆን «የትኛውን ወደድክ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ የአትሌቲክስ ውድድሮችን እየቆረጠ ሙዚቃና ጽሑፍ ጨምሮ አጫጭር ቪዲዮ እንደሚሠራ ታወቀ። ለካ አባትም በዘመኑ የሩጫ ውድድር በሬዲዮ ሳያዳምጥ የማያድር ሰው ነበር። ልጁ የሲድኒውን የ10 ሺህ ሜትር ውድድር አውጥቶ ነበር፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ ብቻ የቀደመበትን። ሆኖም የቆረጠው የመጨረሻዋን ሰከንድ ብቻ ነበር። አባት ቴርጋት ቀድሞ አፈትልኮ እንደነበርና ኃይሌ እየተከተለ በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች እንዴት እንደደረሰበት፣ በሰፈሩም በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ የተሰበሰበው ሰው እንዴት እንደጮኸ ተረከ። ልጁ ቪዲዮውን እንደገና ሠራው፤ የአባቱን ድምፅም ቀርጾ አስገባበት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የሥራ ክፍፍሉ ነው። አባት ታሪኩን ያውቃል፤ ልጅ መቁረጫውን ያውቃል። ሁለቱም የሚያስተምሩት ነገር ስላላቸው አንዱ የሌላው እንግዳ አልሆነም። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል፣ ከራት በፊት ይሠራሉ። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ቪዲዮ እየቆረጠ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በክፍላቸው ቡድን ውስጥ የአንዲት ተማሪ ፎቶግራፍ መሳለቂያ መደረጉን ተናገረ። ሦስት ጊዜ ስልክ በመንጠቅ ያልተገኘ መረጃ ነው።

መንገዱ የሚበላሽባቸው ሁኔታዎች ይታወቃሉ። ዋነኛው ወላጅ የጋራውን ጊዜ ወደ ምክር ሰዓት ሲለውጠው ነው፤ ልጁ ቪዲዮ ሲያሳይ «ይህን ጊዜ ብታነብበት» ከተባለ በቀጣዩ ቀን አያሳይም። ሌላው ደግሞ ውለታ መቁጠር ነው፦ «ያንተን አየሁልህ፣ አሁን ስልኩን አምጣ» ማለት። ልጁ የነገረውን ለዘመድ ማውራትም ጉዳት አለው። ለወላጅ እውነተኛ ፍላጎት የሌለበትን ነገር እንደሚወድ መምሰልም ብዙ አያስኬድም፤ ታዳጊዎች ይህን ወዲያው ያውቃሉ። ሩጫ ካልሆነ ምግብ ማብሰል፣ የስልክ ጥገና ወይም የመንደሩን አሮጌ ፎቶግራፍ መሰብሰብ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ወገን በእርግጥ የሚወደው እስኪገኝ ሁለት ሦስት ጊዜ መክሸፉ ያለ ነው። መሻሻሉ የሚታወቀው በሰዓቱ መቀነስ ብቻ አይደለም። በዚህ ቤተሰብ ከሁለት ወር በኋላ የልጁ የቀን አማካይ ወደ አራት ሰዓት ከአርባ ዝቅ ቢልም ቲክቶኩ እምብዛም አልቀነሰም፤ የቀነሰው የሌሊቱ ነው። ጭቅጭቁ ግን ከየዕለቱ ወደ አልፎ አልፎ ወርዷል።

መቀራረብ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ታዳጊው በድንገት ከጓደኞቹ ከራቀ፣ መልእክት በመጣ ቁጥር ከደነገጠ፣ ምክንያቱን ሳይናገር ገንዘብ ደጋግሞ ከጠየቀ፣ በፎቶግራፍ ወይም በቪዲዮ እየተስፈራራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ስልኩን መንጠቅም ሆነ መልእክቱን ማጥፋት አይመከርም። የመጣውን መልእክት፣ የላኪውን የመለያ ስምና ቀኑን በስክሪን ፎቶ ማስቀረት፣ ገንዘብ አለመላክና ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ሰውን ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። ልጁ ወደ ወላጁ የሚመጣው ግን «ስልኬን ይወስዱብኛል» ብሎ ካልፈራ ብቻ በመሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ እውነቱን ቢናገር ስልኩ እንደማይወሰድበት ነገሩ ከመከሰቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።