ስስ የላይ ከንፈር ያለው ሰው ምን ዓይነት ሪዝ ይያዝ?

ሪዝ ማሳደግ የጀመረ ወጣት ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በዚያ ሰሞን አንዱ ጎን ጠቆር ይላል፣ ሌላው ሳስቶ ቆዳው ይታያል፤ ከአፍንጫ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታም ባዶ ትመስላለች። ወጣቱ ቶንዶስ ያነሳል። ቀኙን ሲቀንስ ግራው ይበዛበታል፣ ግራውን ሲነካ ደግሞ ቀኙ። በመጨረሻ የሚተርፈው አንድ ቀጭን መስመር ነው።

ቢታገስ ኖሮ ግማሹ ችግር በራሱ ይቃለል ነበር። የፊት ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድግም፤ አንዱ ሥር ሲያበቅል ጎረቤቱ ዕረፍት ላይ ሊሆን ይችላል። ያደገውም ቢሆን በወር የሚረዝመው በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሪዝ የትኛው ቦታ በእርግጥ የሳሳ፣ የትኛው ደግሞ የዘገየ ብቻ መሆኑን የሚያሳየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሳይነካ ሲቆይ ነው። ደጋግሞ መላጨት ያወፍራል የሚባለው እውነት አይደለም። ምላጭ የሚቆርጠው ከቆዳ በላይ ያለውን ነው፤ ሥሩ ጋ አይደርስም። የተቆረጠው ጫፍ ደልደል ስለሚል ብቻ ሲዳሰስ ሻካራና ወፍራም ይመስላል። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው የሳሳው ሪዙ ከዓመታት በኋላ ሊሞላለት ይችላል፤ የሳሳ ሳይሆን ድንገት ክብ ሆኖ የተመለጠ ለስላሳ ቦታ ካየ ግን ላሽ ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው።

የከንፈሩ ጉዳይ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የላይኛው ከንፈር ስስ ሲሆን ወርዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከላይ የተንጠለጠለ ሪዝ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሸፍንበት ከንፈሩ ከነጭራሹ ይጠፋል፤ ፊቱም የላይ ከንፈር የሌለው ይመስላል። ሰውየው ሲስቅ ይባስ፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ ፀጉሩ ጥርሱ ላይ ይወርዳል። በእኔ እምነት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ነገር የሪዙ የታች ጠርዝ ነው። ከከንፈሩ መስመር 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የከንፈሩን ተፈጥሯዊ ቅርጽ ተከትሎ መሄድ አለበት። ያቺ ጠባብ የቆዳ ክፍተት ከንፈሩን ታሳየዋለች።

የላይኛውን ጠርዝ የሚወስነው ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ያለው ርቀት ነው። ረጅም ከሆነ ሪዙ ቦታውን በቁመት ቢሞላው ያምራል፤ ባዶ ቢተው ርቀቱ ይበልጥ ይረዝማል። አጭር ከሆነ ደግሞ ከአፍንጫው ሥር ትንሽ ቆዳ ቢላጭ ይሻላል። በ1939 «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተሰኘው ፊልም ላይ የተወነው ክላርክ ጌብል የያዘው ከላይ የተላጨ ቀጭን ሪዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አንድ የማውቀው ወጣት ከንፈሩ ስስ፣ ከአፍንጫው በታች ያለው ቦታ ረጅም፣ የሪዙ ግራ ጎንም የሳሳ ነበር። አራት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ወደ ታችና ወደ ጎን ከማበጠር በስተቀር አልነካውም። ከዚያ ሪዙ ደረቅ እንደሆነ፣ አፉን ዘና አድርጎ ዘግቶ፣ በሚዶ ወደ ታች አበጠረና በትንሽ መቀስ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ቆረጠ። እርጥብ ፀጉር ይረዝማል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ጥቅልል ፀጉር ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ስለሚሰበሰብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከታሰበው ያነሰ መሆን አለበት።

ጎኖቹን ያመጣጠነው የሳሳውን ሳይነካ ነው። የበዛውን ቀኝ በቶንዶስ 6 ሚሊ ሜትር ላይ አወረደው፤ ግራውን 8 ሚሊ ሜትር ላይ ተወው። የ2 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት እንደ ርዝመት አይታወቅም፤ የጥቁረት ልዩነቱን ግን ያጠበዋል። ጫፎቹን አፉ ጥግ ላይ አቆማቸው። ከዚያ ቢያልፉና ወደ ታች ቢወርዱ አፉን ቁልቁል የወረደ ያስመስሉት ነበር።

ከከንፈሩ በላይ ያለችውን ክፍተት ሲያጸዳ ምላጩን ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ ነው የሚያስኬደው። ጥቅልል ፀጉር በተቃራኒው በጣም ተጠግቶ ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና ብጉር የመሰለ እብጠት ያወጣል። እብጠት የሚቀናው ሰው ምላጩን ትቶ ያለ ማበጠሪያ በተያዘ ቶንዶስ 1 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርቶ ቢያሳጥር ይበቃዋል። የታችኛው ጠርዝ በየሦስትና በየአራት ቀኑ ይነካል፤ የላዩ ግን ሁለት ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም።