በቤት ውስጥ የስትሮክ ሕመምተኛን የሚያስታምሙ ሰዎች ጭንቀት፦ በአስፈላጊ ክትትልና በስጋት መፈተሽ መካከል ያለው ልዩነት

በስትሮክ ምክንያት ግራ ጎኗ የማይታዘዝላት እናት ከሆስፒታል ወጥታ ቤት ስትገባ፣ ነርሶች ይሠሩት የነበረው ሥራ በሙሉ ወደ ቤተሰቡ ይዞራል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አስታማሚው ሕመምተኛው ተኝቶ በሚታከምበት ጊዜም ምግብ በማቅረብ፣ ሰውነት በማጠብና መድኃኒት ገዝቶ በማምጣት ስለሚሳተፍ ሥራው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ቤት ሲገባ የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊት አንድ ነገር ቢፈጠር የሚጠራ ባለሙያ አይኖርም። የአስታማሚው ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ ሥር የሚሰደው በዚህ ሰዓት ሲሆን፣ የሚገለጠውም በአንድ ተደጋጋሚ ተግባር ነው፤ ተነሥቶ ማየት።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ተግባር ላይ ነው። «ጭንቀት» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት አማርኛ የሥራ ጫናንም፣ ሐዘንንም፣ ድብርትንም ስለሚያጠቃልል፣ እዚህ የተወሰደው በጠባብ ትርጉሙ ነው፦ ገና ላልደረሰ ክፉ ነገር አእምሮና አካል አስቀድመው መሰናዳታቸውና ከዚያ መሰናዶ መመለስ አለመቻላቸው። አስታማሚው ግን በዚህ ስም አይጠራውም። «ልቤን ይመታኛል»፣ «ሰውነቴን ይወረኛል»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል» እያለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ወይም ጭራሽ አይሄድም።

ጭንቀቱ ራሱን የሚመግብበት መንገድ ቀላል ነው። አስታማሚዋ የእናቷ ትንፋሽ የቆመ ይመስላታል፤ ትነሣለች፤ እጇን ደረቷ ላይ ታሳርፋለች፤ ትንፋሹ አለ። ወዲያው የሚሰማት እፎይታ እውነተኛ ነው፤ ዕድሜው ግን አጭር ነው። አእምሮዋ ከዚህ የሚማረው «እናቴ ደኅና ነበረች» የሚለውን ሳይሆን «ተነሥቼ ስላየሁ ደኅና ሆነች» የሚለውን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለመነሣት የሚያስፈልጋት ድምፅ ያነሰ ይሆናል። በዚህ ላይ የእንቅልፍ እጦት ይጨመራል። ያልተኛ ሰው ትንሹን ምልክት እንደ አደጋ የማንበብ ዝንባሌው ስለሚጨምር፣ መፈተሹ እንቅልፍን ይቀንሳል፣ የእንቅልፍ እጦቱም መልሶ መፈተሹን ያበዛል።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው በስትሮክ ሕመምተኛ ዘንድ መፈተሽ በራሱ ስሕተት አለመሆኑ ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ የመኝታ ቁስል ይወጣበታል። የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አስታማሚውን «አትጨነቅ» ማለት፣ በደግነት ቢባልም፣ ሐሰት ነው። የሚያስፈልገው የትኛው ክትትል ለሕመምተኛው፣ የትኛው ደግሞ ለአስታማሚው ስጋት ብቻ እንደሚደረግ መለየት ነው።

ለማብራሪያ ያህል የሚከተለው ጉዳይ ተዘጋጅቷል። አስታማሚዋ የ38 ዓመት መምህርት ናት። እናቷ የ67 ዓመት አረጋዊት ሲሆኑ፣ ለዓመታት የቆየ የደም ግፊት ነበረባቸው። ግራ እጃቸውና እግራቸው ሰንፏል፤ ንግግራቸው ቢጎተትም ይሰማል። ቤት በገቡ በመጀመሪያው ምሽት ሾርባ ሲጠጡ ትን ብሏቸው ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ልጅቱ ፍራሿን ከአልጋው ሥር አንጥፋ ትተኛለች። በሁለተኛው ወር ልቧ እየመታ፣ እጇ እየደነዘዘና ምግብ እያስጠላት መጣ። ነቅቶ ለመዋል ቡና ታበዛለች። ልቧ በኤሌክትሮካርዲዮግራም ሲታይ ጤናማ ነበር፤ የደም ግፊቷ ግን 148/94 ሆኖ ተገኘ። «ከጭንቀት ነው» ተብላ ተመለሰች።

ባለፉት 2 ሳምንታት ላይ የሚያተኩረው ሰባት ጥያቄዎች ያሉት የጭንቀት መለኪያ፣ ጂ ኤ ዲ-7፣ እያንዳንዱን ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ስለሚመዝን ከፍተኛው ድምር 21 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ምርመራ እንደሚገባ ሲያመለክት፣ 15 እና ከዚያ በላይ ከባድ ተብሎ ይመደባል። መምህርቷ 16 አስመዘገበች። ይሁንና ከጥያቄዎቹ አንዱ «አንድ ክፉ ነገር ይደርሳል ብለው ይፈራሉ ወይ?» የሚል ይዘት አለው። ስትሮክ የመታትን እናት ለሚያስታምም ሰው ይህ ፍርሃት ከፊሉ እውነት ነው፤ መለኪያው ተገቢውን ፍርሃት ከተጋነነው አይለይም። ስለዚህ ቁጥሩ ለውይይት መነሻ እንጂ ለብቻው ብያኔ ሊሆን አይችልም።

የበለጠ ያስረዳው በወረቀት ላይ የተያዘው የሦስት ሌሊት መዝገብ ነው። በተነሣች ቁጥር ሰዓቱን፣ ለምን እንደተነሣችና ምን እንዳገኘች ጻፈች። በሦስቱ ሌሊቶች 9፣ 11 እና 8፣ በድምሩ 28 ጊዜ ተነሥታለች። ከእነዚህ ውስጥ በ7ቱ የሚሠራ ነገር ነበር፤ 4ቱ ማገላበጥ፣ 2ቱ የረጠበ አንሶላ መቀየር፣ 1ዱ ውኃ መስጠት። ቀሪዎቹ 21 ሁሉ «ትንፋሿ አለ ወይ?» የሚሉ ነበሩ፤ በ21ዱም እናቲቱ ተኝተው ተገኝተዋል።

ከዚህ በኋላ የተደረገው አስፈላጊውን ክትትል ከስጋት ነጥቆ ለሰዓት መስጠት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እናቲቱ በቀኝ እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ይዘው በጥቂቱ መንሸራተት እንደሚችሉ አረጋገጠ። ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ስለነበራቸውም፣ ቆዳቸው በየጠዋቱ እስከታየ ድረስ፣ የሌሊቱን ማገላበጥ በየ4 ሰዓቱ ማድረግ እንደሚቻል ነርሷ ፈቀደች፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓትና ከንጋቱ 12 ሰዓት። ይህ ፈቃድ ለእኚህ ሕመምተኛ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ፈጽሞ መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው አይሠራም። ቆዳውን ማየትም የራሱ ዘዴ አለው። መማሪያ መጻሕፍት ሲጫኑት የማይነጣ ቅላትን ፈልጉ ይላሉ፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ በቀላሉ አይታይም። በተረከዝ፣ በዳሌና በጀርባ ግርጌ አጥንት ላይ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ በእጅ መፈለግ ይገባል።

ለምግቡም እንዲሁ ልክ ተበጀለት፦ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መመገብ፣ በትንሽ ማንኪያ ወፈር ያለ ነገር መስጠት፣ ከምግብ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይጋደሙ መቆየት፤ ሳል ወይም እርጥብ ያለ ድምፅ ከመጣ ወዲያው ማቆም። ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ምልክቶች በአንድ ወረቀት ተጽፈው ግድግዳ ላይ ተለጠፉ፦ አዲስ የፊት መጣመም ወይም የንግግር መጥፋት፣ ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ድብታ፣ ትኩሳት፣ የተፋጠነ ትንፋሽ። ከባድ ማንኮራፋትና በመካከሉ የሚሰማ የትንፋሽ መቋረጥ ከስትሮክ በኋላ የተለመደ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ደጋግሞ መፈተሽ አያክመውም፣ በቀጠሮ ቀን ለሐኪም መነገር ግን አለበት።

አስቸጋሪው ክፍል ክፍሉን ለቅቆ መተኛት ነበር። እናቲቱ ቀኝ እጃቸውን ስለሚጠቀሙ ትንሽ ቃጭል በቀኝ በኩል ተንጠለጠለላቸው፤ ልጅቱ በሌላው ክፍል ተኝታ እንደምትሰማው ቀን ላይ ደጋግመው ሞከሩት። በአቅራቢያ የሚኖረው ወንድሟ ከምሽቱ 4 እስከ 8 ሰዓት ያለውን ተራ ያዘ። እስከዚያ ድረስ አልተጠየቀም ነበር፤ ይሉኝታ ይዟት፣ እሱም «እኔ እበቃለሁ» ስትል እውነት መስሎት። (ጠያቂ በብዛት በሚመጣበት ቤት የሚረዳ ሰው አለመኖሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ጠያቂው «ምን ልርዳሽ?» ሲል «ተጫወት» መባሉ፣ ቡናውም በአስታማሚዋ መፈላቱ የተለመደ ነው። «ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት አብረሃት ቁጭ በልልኝ» የሚል የተወሰነ ጥያቄ ከጠቅላላ ልመና ይልቅ በቀላሉ ይመለሳል።) በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጭንቀቷ ባሰ። በሁለተኛው ሌሊት አልተኛችም፤ ነገር ግን የተነሣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህ መባባስ የሚጠበቅ መሆኑ አስቀድሞ ባይነገራት ኖሮ ወደ አልጋው ሥር በተመለሰች ነበር።

ቀን ቀን ለሚያብሰለስላት ሐሳብ ደግሞ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ዘዴ ተሞከረ። ሐሳቡ ሲመጣ በአንድ መስመር ተጽፎ ይቀመጣል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ያስቡበታል። «መድኃኒቱ ሐሙስ ያልቃል» የሚለው ሥራ ይወጣለታል፤ «ድጋሚ ቢመታትስ?» የሚለው ደግሞ ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት በቀር መልስ እንደሌለው ይታያል።

የአስታማሚውን ጤና በተመለከተ ጥናቶች ማስተዋልን ይጠይቃሉ። ሹልዝና ቢች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የትዳር ጓደኛቸውን የሚያስታምሙና ጫናው የከበዳቸው አረጋውያን በ4 ዓመታት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ የበለጠ ነበር፤ እያስታመሙ ጫናው ባልከበዳቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ጎላ ያለ ልዩነት አልታየም። ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳሳዩት ደግሞ የመርሳት ሕመምተኛ ዘመድ በሚያስታምሙ 13 ሴቶች ላይ ትንሽ የክንድ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀናት ተጨማሪ ጊዜ ወስዷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሆኖም ጫናው በአካል ላይ የሚለካ ምልክት እንደሚተው ያሳያል።

ከዚህ ተነሥቶ የአስታማሚውን ሕመም ሁሉ ለጭንቀት መስጠት ግን ሌላ ስሕተት ነው። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የክብደት መቀነስ ከእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ድካምና የልብ መምታት ከደም ማነስ ሊመጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይለያሉ። የሕመምተኛውን ወይም የጎረቤትን የእንቅልፍ ኪኒን መዋጥም ቃጭሉን የማይሰማ አስታማሚ ያስከትላል።

በመምህርቷ ጉዳይ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራዎቹ ጤናማ ነበሩ። በስድስተኛው ሳምንት የጭንቀት ድምሯ ወደ 9 ወረደ፤ ሌሊት የምትነሣው ለተራዋና ቃጭል ሲሰማ ብቻ ሆነ። የደም ግፊቷ ግን፣ ቡና ሳትጠጣና 5 ደቂቃ ዐርፋ ከተቀመጠች በኋላ በሁለት የተለያዩ ቀናት ሲለካ፣ 146/92 እና 144/92 ነበር። እናቷን ለስትሮክ ያበቃው ያው የደም ግፊት እሷንም ይዟት ስለነበር በራሷ ስም ካርድ አውጥታ ሕክምና ጀመረች። የቀጠሮዋ ቀን ከእናቷ ቀጠሮ ጋር እንዳይደራረብ ወንድሟ ተራውን ለወጠ።