ማስታወቂያው ስንት ሊትር ሸጠ?

አንዲት እናት ከሰፈር ሱቅ ግማሽ ሊትር ወተት ገዝተው ሲወጡ፣ ያንን ወተት ያስገዛቸው ምን እንደሆነ የሚመዘግብ ማንም የለም። ትናንት ማታ በቴሌቪዥን ያዩት ማስታወቂያ ይሁን፣ ታክሲ ውስጥ የሰሙት ኤፍኤም ሬዲዮ፣ ወይስ እንግዳ ስለመጣባቸው ብቻ፣ ባለሱቁም ፋብሪካውም አያውቁም። በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት ገዢው የትኛውን ማስታወቂያ ነክቶ እንደመጣ ይቆጥራል። ወተት፣ ሳሙናና ፓስታ የሚያመርት ድርጅት ግን እንዲህ ያለ ቆጠራ የለውም። ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በየሳምንቱ ለማስታወቂያ ያወጣው ገንዘብና በየሳምንቱ የሸጠው መጠን።

በነዚህ ሁለት መዝገቦች ተነስቶ የእያንዳንዱን ማስታወቂያ ድርሻ የመገመት ዘዴ የማርኬቲንግ ሚክስ ሞዴሊንግ ይባላል። ዘዴው ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ዛሬ እንደገና ተፈላጊ የሆነው፣ ሰዎችን በስልካቸው ላይ መከታተል እየከበደ በመምጣቱ ነው። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. የአይፎን መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ከመከታተላቸው በፊት ፈቃድ እንዲጠይቁ አስገድዷል። የሜታው ሮቢንና የጉግሉ ሜሪዲያን ይህን ስሌት የሚሠሩ፣ ማንም በነፃ ሊወስዳቸው የሚችል ሶፍትዌሮች ናቸው።

ክሊክ መቁጠር ራሱም እውነቱን ላይናገር ይችላል። ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ በፍለጋ ገጾች ላይ ይከፍልበት የነበረውን ማስታወቂያ ለሙከራ አቋርጦ ነበር። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ብሌክ፣ ኖስኮና ታዴሊስ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት እንደሚያሳየው፣ የድርጅቱን ስም ጽፈው ይፈልጉ የነበሩት ሰዎች ማስታወቂያው ሲጠፋም ከሞላ ጎደል ሁሉም በነፃው መንገድ ገብተዋል። ማስታወቂያውን ነክተው የገቡት ሰዎች ሳይከፈልባቸውም ይመጡ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ነካው?» ሳይሆን «ማስታወቂያው ባይኖር ስንት ይሸጥ ነበር?» ነው።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ የወተት ፋብሪካ እናስብ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተዘጋጁ ናቸው፤ የየትኛውም እውነተኛ ድርጅት ሂሳብ አይደሉም። ፋብሪካው የሁለት ዓመት፣ ማለትም የ104 ሳምንታት መዝገብ አለው። በዓመት ለቴሌቪዥን 6 ሚሊዮን ብር፣ ለኤፍኤም ሬዲዮ 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል። ከዚህ ሌላ መንገድ ዳር የተከራየው አንድ ትልቅ ቢልቦርድ አለው።

የመጀመሪያው ሥራ ወጪውን እንዳለ አለመውሰድ ነው። ሰኞ የታየ ማስታወቂያ ገዢውን የሚያንቀሳቅሰው በዚያው ሳምንት ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይመን ብሮድቤንት በ1970ዎቹ መጨረሻ አድስቶክ ብሎ የሰየመው ሐሳብ ይህን የሚመለከት ነው፦ የማስታወቂያ ጉልበት በአንዴ አይጠፋም፣ እየቀነሰ ይቆያል። አንዱ የቡና ዱቄት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ እየቀጠነ እንደሚወርድ ማለት ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፦

የዚህ ሳምንት ክምችት = የዚህ ሳምንት ወጪ + 0.5 × ያለፈው ሳምንት ክምችት

ለቴሌቪዥን 100 ሺህ ብር የወጣበት ሳምንት ክምችቱ 100 ሺህ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ምንም ባይወጣ 50 ሺህ ይቀራል፣ ከዚያ 25 ሺህ፣ ከዚያ 12 ሺህ 500። ሁሉም ሲደመር ወደ 200 ሺህ ይጠጋል። ለሬዲዮ መቆያው አጠር ያለ ነው ብለን 0.2 እንውሰድ። እነዚህን ቁጥሮች ከሰማይ የሚያወርድ የለም። ሠሪው የተለያዩ መቆያዎችን እየሞከረ ሽያጩን በተሻለ የሚገልጸውን ይመርጣል።

ከዚያ የሚመጣው ሪግሬሽን የሚባለው ስሌት ነው። ኮምፒውተሩ 104ቱን ሳምንታት እያየ፣ «የቴሌቪዥኑን ክምችት በስንት፣ የሬዲዮውን በስንት ባባዛ፣ የምገምተው ሽያጭ ለእውነተኛው ሽያጭ በጣም ይቀርባል?» የሚለውን ይፈልጋል። የሚያገኛቸው ማባዣዎች የእያንዳንዱ ማስታወቂያ ድርሻ ናቸው። ይህን በኤክሴል እንኳ መሥራት ይቻላል። አስቸጋሪው ነገር ከስሌቱ ውጭ ነው።

የፋብሪካው ባለሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰላ የቴሌቪዥኑ ማባዣ 0.09 ወጣ እንበል። የዓመቱ 6 ሚሊዮን ብር በክምችት 12 ሚሊዮን ይሆናል። 12 ሚሊዮን በ0.09 ሲባዛ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ሊትር ነው። ከአንድ ሊትር 20 ብር ካተረፈ ማስታወቂያው 21 ነጥብ 6 ሚሊዮን ብር አመጣ፣ ማለትም በእያንዳንዱ የወጣ ብር 3 ብር ከ60 ሳንቲም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሰምተው የቴሌቪዥን በጀቱን እጥፍ ማድረግ ይፈልጋሉ።

ቁጥሩ ግን የተሳሳተ ነው፤ ስህተቱም ያለው በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ነው። በሁዳዴ ወተት የሚገዛ ሰው ስለሚቀንስ ፋብሪካው ማስታወቂያውን ያቋርጣል። ፋሲካ ሲቃረብ ይመልሰዋል፣ በበዓሉም ሽያጩ ይዘላል። ኮምፒውተሩ ጾም የሚባል ነገር ስለማያውቅ ማስታወቂያ ሲጠፋ ሽያጭ ይወርዳል፣ ማስታወቂያ ሲመጣ ሽያጭ ይወጣል ብሎ ይደመድማል። ጾሙና ፍስኩ የሠሩትን ሁሉ ለቴሌቪዥኑ ይመዘግብለታል።

መፍትሔው ለጾም የራሱን ዓምድ መስጠት ነው። በዓምዱ ውስጥ በየሳምንቱ ያሉት የጾም ቀናት ይጻፋሉ። በተራ ሳምንት ረቡዕና ዓርብ አሉና 2፣ በሁዳዴ ሳምንት 7፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሳምንታት ደግሞ 0። ፍልሰታና የነቢያት ጾምም እንዲሁ ይገባሉ። የበዓል ሳምንት ለብቻው ይመዘገባል። እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር በራሱ የማያውቀው ነገር አለ፦ ፋሲካ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12 ነበር። አምና በዚህ ሳምንት ስንት ተሸጠ ብሎ ማነጻጸር የሁዳዴን ሳምንት ከፍስክ ሳምንት ጋር ያጋጫል። ረመዳንም በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚቀድም የራሱን ዓምድ ይፈልጋል።

የጾሙና የበዓሉ ዓምዶች ሲገቡ ስሌቱ እንዲህ ሆነ እንበል፦ ያለ ማስታወቂያና ያለ ጾም የሚሸጠው መነሻ በሳምንት 45 ሺህ ሊትር ነው፣ እያንዳንዱ የጾም ቀን 3 ሺህ ሊትር ይቀንሳል፣ የቴሌቪዥን ማባዣ 0.04፣ የሬዲዮ 0.05። የቴሌቪዥኑ ክምችት 240 ሺህ፣ የሬዲዮው 80 ሺህ በሆነበት ተራ ሳምንት ከመነሻው 6 ሺህ ሊትር ለጾም ይወጣል፣ 9 ሺህ 600 ከቴሌቪዥን፣ 4 ሺህ ከሬዲዮ ይገባል። ድምሩ 52 ሺህ 600 ሊትር ነው። አብዛኛው ወተት ማስታወቂያ ባይኖርም የሚሸጥ እንደሆነ ልብ ይበሉ። የቴሌቪዥኑ ትርፍም ለአንድ ብር ከ3 ብር ከ60 ወደ 1 ብር ከ60 ወርዷል። የሬዲዮው 1 ብር ከ25 ሆኗል። ማስታወቂያው አሁንም ያዋጣል፣ በጀቱን እጥፍ የሚያስደርግ ግን አይደለም።

1 ብር ከ60 የሚለው አማካይ ነው። የመጀመሪያው መቶ ሺህ ብር ብዙ አዲስ ተመልካች ያገኛል፣ ሦስተኛው መቶ ሺህ ግን ያንኑ ሰው ለስድስተኛ ጊዜ ያሳየዋል። ስለዚህ ከባድ ሞዴሎች የማስታወቂያው ጉልበት እየጠገበ እንደሚሄድ አድርገው ያሰላሉ። በጀት ለመጨመር የሚያስብ ሰው የሚቀጥለው ብር ምን ያመጣል ብሎ መጠየቅ አለበት።

ቢልቦርዱስ? ኪራዩ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ድርሻውን ከዚህ መዝገብ ማወቅ አይቻልም። ዘዴው የሚማረው ከመለዋወጥ ብቻ ነው፤ የማይለዋወጥ ወጪ ከመነሻው ሽያጭ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ሁልጊዜ በአንድ ሳምንት እየተገዙ አንድ ላይ ከቆሙም ስሌቱ የማን ሥራ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጥቂት ሳምንታት ቀንሶ እንደገና ሲሰላ የአንዱ ማባዣ እጥፍ ይሆናል፣ የሌላው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሽያጭ የሚቀንስ ማስታወቂያ ታየኝ የሚል ሞዴል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን መለየት ያልቻለ ሞዴል ነው።

ሁለት የመዝገብ ችግሮች ደግሞ በአገራችን በጣም የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያው ሽያጭ የሚባለው ከፋብሪካ ለአከፋፋይ የወጣው መሆኑ ነው። ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሲሰማ አከፋፋዩ አስቀድሞ ያከማቻል። ያ ሳምንት ማስታወቂያ የነበረበት ከሆነ ምስጋናው ያለ አግባብ ለማስታወቂያው ይሄዳል። ሁለተኛው የብር ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ሥርዓቱ ከተቀየረ ወዲህ ያለውን መዝገብ ከቀድሞው ጋር በብር ብቻ ማወዳደር አሳሳች ነው። የአየር ሰዓት ሲወደድ ያው ብር የሚገዛው ሰከንድ ይቀንሳልና። ከብሩ ጎን የተላለፈውን ሰከንድ መመዝገብ፣ የወተቱን ዋጋም ለብቻው ዓምድ መስጠት ያስፈልጋል።

ሞዴሉ ደህና መሆኑን መፈተኛው የመጨረሻዎቹን 12 ሳምንታት ደብቆ በቀሩት 92 ማሠራትና የተደበቁትን እንዲገምት መጠየቅ ነው። ይህን ያለፈ ሞዴል እንኳ የመጨረሻ ማስረጃ አይሆንም። ከዚያ የሚበልጠው ሙከራ ነው፦ የሬዲዮ ማስታወቂያውን ለስምንት ሳምንት በአንድ ከተማ አቁሞ በሌላው መቀጠልና የሁለቱን ሽያጭ ማወዳደር። የሙከራው ውጤትና የሞዴሉ ግምት ካልተቀራረቡ ሙከራውን እመኑ።

ይህን ዘዴ ልትጠቀሙበት ለምታስቡ ሁሉ፣ ሶፍትዌር ከመፈለጋችሁ በፊት መዝገቡን ጀምሩ። ማስታወቂያውን ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን ሳይሆን በተላለፈበት ሳምንት ጻፉ። ዕቃ ያለቀባቸውን ሳምንታት ምልክት አድርጉ። ቴሌቪዥኑንና ሬዲዮውን ሆን ብላችሁ በተለያየ ሳምንት ግዙ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ዓይነት ያልተመዘገበ ሂሳብ የትኛውም ባለሙያ ቢቀመጥበት አስተማማኝ መልስ አይሰጥም።