10 ሚሊዮን ብር አለን፤ የትኞቹን ፕሮጀክቶች እንምረጥ?

አንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን ዘንድሮ ለኢንቨስትመንት 10 ሚሊዮን ብር ብቻ አለው እንበል። በእጁ ያሉት ሐሳቦች ሦስት ናቸው፦ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በ6 ሚሊዮን፣ መጋዘን በ5 ሚሊዮን፣ የጭነት መኪና ደግሞ በ5 ሚሊዮን። ሦስቱም ያዋጣሉ፤ ብሩ ግን ለሁሉም አይበቃም። ታዲያ የትኛው ይቅር?

መጀመሪያ ወደፊት የሚገኘውን ገቢ ወደ ዛሬ ዋጋ እንመልሰዋለን። ገንዘባችን ሌላ ቦታ ቢሠራ በዓመት 15 በመቶ የሚያተርፍ ከሆነ፣ የከርሞ 115 ብር ዛሬ 100 ብር ማለት ነው። በዚህ ስሌት የማጠቢያው ገቢ የዛሬ ዋጋ 9 ሚሊዮን፣ የመጋዘኑ 7.25 ሚሊዮን፣ የመኪናው 7 ሚሊዮን ወጣ እንበል።

አሁን ገቢውን ለወጪው እናካፍል። ውጤቱ የትርፋማነት ኢንዴክስ ይባላል፤ አንድ ብር ስናወጣ በዛሬ ዋጋ ስንት ብር እንደሚመለስ ይነግረናል። ማጠቢያው 1.5፣ መጋዘኑ 1.45፣ መኪናው 1.4 ያገኛሉ። ከ1 በታች የሆነ ፕሮጀክት ያከስራል።

እንግዲህ ከላይ ጀምረን እንምረጥ። ማጠቢያው 6 ሚሊዮን ይወስድና 4 ሚሊዮን ይተርፋል። በእሱ ግን መጋዘንም መኪናም አይገዛም። ስለዚህ ትርፋችን 9 ሲቀነስ 6፣ ማለትም 3 ሚሊዮን ብር ነው። የተረፈው 4 ሚሊዮን ሌላ ቦታ 15 በመቶ ቢያስገኝ እንኳ፣ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ ያው 4 ሚሊዮን ስለሚሆን ምንም አይጨምርም።

አንደኛ የወጣውን ማጠቢያ ብንተወውስ? መጋዘኑና መኪናው አንድ ላይ ልክ 10 ሚሊዮን ይፈጃሉ። ትርፋቸው 2.25 ሲደመር 2፣ ማለትም 4.25 ሚሊዮን ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተጣምረው አንደኛውን በለጡት!

ኢንዴክሱ አልዋሸም። የሚለካው እያንዳንዱ ብር የሚሠራውን ነው፤ ሥራ ፈቶ የሚቀረውን ብር ግን አያይም። ግማሽ መኪና ስለማይገዛ ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ፕሮጀክቶቹን ቆርሶ መውሰድ ቢቻልና ትርፋቸውም በዚያው ልክ ቢከፈል ኖሮ፣ ማጠቢያውን ሙሉ፣ ከመጋዘኑ ደግሞ አራት አምስተኛውን ወስደን 3 ሲደመር 1.8፣ ማለትም 4.8 ሚሊዮን እናተርፍ ነበር። ይህ ቁጥር ጣሪያችን ነው፤ ሳንቆርስ የምንመርጠው የትኛውም ጥምር ከዚህ አያልፍም።

ስለዚህ በኢንዴክሱ ቅደም ተከተል ስንመርጥ በጀቱ ልክ ካለቀ ምርጫው ትክክል ነው። ገንዘብ ከተረፈ ግን ጥምሮቹን መሞከር ያስፈልጋል። ለሦስት ፕሮጀክት ጥምሮቹ 8 ብቻ ስለሆኑ ወረቀት ይበቃል። ለ20 ፕሮጀክት ግን ከ1 ሚሊዮን በላይ ስለሚሆኑ ሥራው የኮምፒውተር ነው። አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ፦ በጀቱ ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን ለከርሞም ከተገደበ፣ አንድ ኢንዴክስ የሁለት ዓመት እጥረትን ሊመዝን አይችልም።